ጠባብ ቱቦ፣ ፈጣን ውሃ፣ የማይሞላ ጀሪካን

አጎቴ ቤት ፎቁ ላይ ያለው ሻወር ደካማ ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ጣሪያው ላይ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተቀምጧል። ምድር ቤት ያለው የወጥ ቤት ቧንቧ ደህና ይወርዳል። ፎቁ ላይ ግን ሻወር ስር የቆመ ሰው ሳሙናውን ከፀጉሩ ለማስለቀቅ መከራውን ያያል። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ አጎቴ ሳሎኑ መሃል አንድ ጥቅል አዲስ ቱቦ ይዞ ጠበቀኝ። ቱቦው ቀጭን ነው፤ የውስጡ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለውን አሮጌ የብረት ቱቦ አስወጥቶ ይህንን ሊያስገባ ነው።

«ለምን ቀጭን መረጥክ ጋሼ?» አልኩት።

«የአትክልት ጎማውን አፍ በጣትህ ስትይዘው ውሃው አጥር ዘሎ አይሄድም? ውሃ ሲጠበው ነው ጉልበት የሚያገኘው። የእኛ ቱቦ ሰፊ ስለሆነ ነው ውሃው የሚሰንፈው።»

አስራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጁ ደግሞ ደብተሯን ይዛ መጣች። «እውነቱን ነው ወንድም ጋሼ። A₁v₁ = A₂v₂ ብለው አስተምረውናል። A የቱቦው ካሬ ስፋት፣ v የውሃው ፍጥነት ነው፤ ስፋቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል።»

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያንን ቀመር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። ቀመሩ ልክ ነው። የጎማው ነገርም ልክ ነው፤ ማንም ልጅ ጓሮ ውስጥ ያየው ነው። ያ ቀጭን ቱቦ ግን ሻወሩን ጭራሽ እንደሚገድለው አውቃለሁ። ሦስቱ ነገሮች አብረው እንዴት እውነት ይሆናሉ? ይህንን ግድግዳ ሊያስፈርስ ለተነሳ ሰው በአጭሩ ማስረዳት ቀላል አይደለም። እንደ እውነቱ ከሆነ መማሪያ መጽሐፎቻችንም ይህንን ቦታ ዝም ብለው ነው የሚያልፉት። ስለዚህ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን፣ ቧንቧ ሰራተኛው መጥቶ እስኪያየው ድረስ ቱቦው ከጥቅሉ እንዳይፈታ ለመንኩት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ አትጠይቁ

ቧንቧ ሰራተኛው ከመምጣቱ በፊት አንድ ጎረቤት ሌላ ምክር ይዞ መጣ። «ሮቶው ትንሽ ነው፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ግዛና ግፊቱን እየው» አለ። ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ብዙ ውሃ ከባድ ነው፣ ከባድ ነገር ደግሞ ይገፋል። ለጆሮ ደስ ይላል።

ውሃ ግን ግፊቱ የሚመጣው ከጥልቀቱ ብቻ ነው። ከሮቶው ውሃ ገጽ እስከ ሻወሩ አፍ ያለውን ቁመት በሜትር ለካነው፤ ያን ዕለት ሁለት ሜትር ያህል ነበር። አሁን አንዲት ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ውሰዱ። ከእሷ በላይ የተቆለለው ሁለት ሜትር ውሃ 200 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ 200 ግራም ነው። አለቀ። በሻወሩ አፍ እያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር የምትገፋው በ200 ግራም ክብደት ነው። ሮቶው ጎኑ ሰፍቶ 5,000 ሊትር ቢይዝም ከዚያች ካሬ ሳንቲ ሜትር በላይ ያለው ውሃ ያው ሁለት ሜትር ነው። የቀረው ውሃ የተቀመጠው በሮቶው ወለል ላይ ነው፤ ሸክሙን የሚችለው ኮንክሪቱ እንጂ ሻወሩ አይደለም።

በቀመር ሲጻፍ P = ρgh ነው፤ P ግፊቱ፣ ρ የውሃው እፍጋት፣ g የመሬት ስበት ነው። በደንብ እዩት፤ ውስጡ ሊትር የለም፣ ስፋትም የለም። የሚለዋወጠው h ብቻ ነው፣ ቁመት። አስር ሜትር ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። እንግዲህ ሁለት ሜትር 0.2 ባር ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከውሃው ገጽ አምስት ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል 0.5 ባር ያገኛል። ምድር ቤቱ ደህና የሚወርድለት፣ ፎቁ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ትልቅ ሮቶ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ብዙ ቀን ያቆያል። ግፊት ግን አይጨምርም።

ጎረቤታችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። አጎቴ ግን ደስ አለው፤ ቀጭኑ ቱቦ አሁንም አልተነካበትም።

አውራ ጣቱ

ቧንቧ ሰራተኛው ወጣት ልጅ ነው። ብዙ አያወራም። ስለ ቱቦው የሚባለውን ሁሉ ሰማና ምንም ሳይመልስ ወደ ፎቅ ወጣ። የሻወሩን ራስ በቁልፍ ፈታው። ባዶውን የቱቦ አፍ ትቶ ስሩ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሰዓት ይያዙልኝ» አለ።

ውሃው ከተከፈተው አፍ ዝርግፍ ብሎ ወረደ። አቅም የለውም፤ ከአፉ እንደወጣ ቁልቁል ነው የሚወድቀው። ጀሪካኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ሞላ። ልጁ ጀሪካኑን ደፍቶ መልሶ አስቀመጠው። አሁን አውራ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሦስት አራተኛውን ሸፍኖ ሩቡን ተወው። ውሃው ተወርውሮ ፊት ለፊት ያለውን የሸክላ ግድግዳ መታ። አጎቴ «አላልኩህም?» ብሎ ዞሮ አየኝ። ልጅቷም ፈገግ አለች።

«ሰዓቱን ጋሼ» አለ ልጁ። በሌላ እጁ ጀሪካኑን አንስቶ ውሃው እንዳይባክን አፉን ወደሚወረወረው ውሃ አዞረ።

ጀሪካኑ ሲሞላ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ከሩብ አለ።

ይህን ጊዜ ሁላችንም ቆም አልን። እኔ ራሴ ቁጥሩን በአካል አይቼው አላውቅም ነበር። የመውጫውን ሦስት አራተኛ ዘግቶታል። ውሃው አራት እጥፍ ሊደርስ በሚችል ፍጥነት እየተወረወረ ነው። ግን በደቂቃ የሚመጣው ውሃ አልጨመረም፤ በጥቂቱ ቀነሰ እንጂ። ልጁ ሦስተኛ ጊዜ ጣቱን አጥብቆ አንዲት ቀጭን ክፍተት ብቻ ተወ። ውሃው እንደ መርፌ ሆኖ ወጣ። ጀሪካኑ ግን ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀ።

«ፍጥነትና ብዛት ሁለት ናቸው ጋሼ» አለ ልጁ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ። «ጣት ፍጥነት ይሰጣል። ውሃ የሚያመጣው ቱቦው ነው።»

ቀመሩ የሚያወዳድረው ምንን ነው?

የአጎቴ ልጅ አልረካችም፤ ልክም ነበረች። «ታዲያ ቀመሩ ውሸት ነው?» አለች። አይደለም። ቀመሩ የቆመበት መሬት ጠንካራ ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ይባላል፤ ፊዚክሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሃ ሲጫኑት አይታመቅም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ሴኮንድ በሰፊው በኩል የገባው ውሃ ያህል በጠባቡ በኩል መውጣት አለበት። መሃል ላይ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ካሬ ስፋቱ ሩብ ከሆነ በዚያ ቦታ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ቱቦ እንኳ አያስፈልግም። ወጥ ቤት ገብታችሁ ቧንቧውን በቀስታ ክፈቱ። ውሃው ከአፉ ሲወጣ ወፍራም ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይቀጥናል። ከአፉ 15 ሚሊ ሜትር ወፍሮ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እየሄደ ቢወጣ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በሴኮንድ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ውፍረቱም ወደ ሰባት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። መሬት እየሳበችው ይፈጥናል። የሚያልፈው ውሃ መጠን ግን ከላይም ከታችም አንድ ስለሆነ መቅጠን ግዴታው ነው።

ይህንን ሐሳብ በ1628 በግልጽ ያስቀመጠው የጋሊሊዮ ተማሪ የነበረው ጣሊያናዊው መነኩሴ ቤኔዴቶ ካስቴሊ ነው። እሱን ያስጨነቀው የወንዝ ውሃ ነበር። ሰዎች የወንዝን ውሃ በስፋቱና በጥልቀቱ ብቻ ይለኩ ነበር። ካስቴሊ ፍጥነቱም ካልገባበት ልኬቱ ትርጉም የለውም አለ። የአጎቴ ቤት ክርክር የዚያው ክርክር ተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ ደግሞ ፍጥነቱን ብቻ አይተን ብዛቱን ረሳነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። A₁v₁ = A₂v₂ የሚያወዳድረው በአንድ ቅጽበት ያሉ ሁለት ቦታዎችን ነው። ቱቦው ውስጥ እና ጣቱ ስር፣ አሁን። ጣት ከመደረጉ በፊት የነበረውን ከአሁኑ ጋር አያወዳድርም። ስንት ሊትር እንደሚመጣም አይናገርም። አጎቴም ልጅቷም ሳያስቡት የጨመሩት አንድ ነገር አለ፤ የሚመጣው ውሃ መጠን ምን ጊዜም አንድ ነው የሚል። እሱ ግን በቀመሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ መጠኑን የሚወስነው ምንድን ነው? ሁለት ሜትሩ ነው። ሁለት ሜትሩን እንደ ወር ደሞዝ አስቡት። ውሃው ሮቶውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ የሚያወጣው ከዚያች ደሞዝ ነው። የቤት ኪራዩ ፍትጊያ ነው፤ ውሃው ከቱቦው ግድግዳ፣ ከክርኖቹ፣ ከዝገቱ ጋር ሲፋተግ የሚከፍለው። ከኪራይ የተረፈችው ብቻ ነች ውሃውን የምትወረውረው።

ኪራዩ ደግሞ ቋሚ አይደለም። ውሃው በቱቦው ውስጥ በፈጠነ ቁጥር ይንራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኪራዩ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቁልፉ ያለው እዚህ ነው።

የአጎቴን ቱቦ ይዤ ወረቀት ላይ ሰራሁት። የብረቱ ቱቦ የውስጥ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ አርጅቷል፣ ክርን በክርን ነው። ጀሪካኑ በሦስት ደቂቃ ከሞላ በሴኮንድ 0.11 ሊትር ያህል ይመጣል ማለት ነው። ይህ በ15 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 0.62 ሜትር ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ውሃ በራሱ ጉልበት ሽቅብ ቢወረወር የሚወጣው ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አያችሁ? ከሁለት ሜትሩ 1.98 ሜትር ለኪራይ ሄዷል። የተረፈው ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ክፍቱ አፍ አቅም አጥቶ የሚወርደው ለዚህ ነው።

አሁን አውራ ጣቱ ይምጣ። አፉ ወደ ሩብ ሲጠብ የሚመጣው ውሃ ትንሽ ይቀንሳል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ፍጥነት ከ0.62 ወደ 0.58 ይወርዳል። ፍጥነቱ በጥቂቱ ስለወረደ ኪራዩም ወደ 1.72 ሜትር ይወርዳል። ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተረፈ። ጣቱ ስር ያለው ውሃ በሴኮንድ 2.3 ሜትር ሆነ። ቀመሩም ሳይበደል ቀረ፤ 2.3 ማለት የዚያው ቅጽበት 0.58 አራት እጥፍ ነው። ከቀድሞው 0.62 ጋር ካወዳደራችሁት ግን አራት እጥፍ አይሞላም።

ጣቱ ወደ አንድ አስረኛ ሲያጠብ ደግሞ ውሃው ቱቦው ውስጥ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሄድም። ኪራዩ አንድ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ለመወርወር አንድ ሙሉ ሜትር ይተርፋል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.4 ሜትር ይደርሳል። ጣሪያ ግን አለው። ኪራዩ ዜሮ ቢሆን እንኳ ከሁለት ሜትር ቁመት የሚገኘው ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 6.3 ሜትር ገደማ ነው። ቀዳዳውን እንደ ፀጉር ብታቀጥኑት ከዚያ አያልፍም፤ ቀመሩን ለብቻው ያመነ ሰው ግን ፍጥነቱ ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል።

እንግዲህ የጣቱ ምስጢር መጥበቡ ራሱ አይደለም። መጥበቡ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ጠባቡ ቦታ ከጣት ውፍረት ስለማይበልጥ እሱ ጋ የሚከፈል ኪራይ የለም ማለት ይቻላል። የኋላው ረጅም ቱቦ ግን ውሃው ቀስ ስላለለት እፎይ ይላል።

የአጎቴ ቀጭን ቱቦ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ጠባብነቱን ከሮቶው እስከ ሻወሩ ድረስ ያስረዝመዋል። በተመሳሳይ ሸካራነት ባለ አንድ ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሂሳቡን ስሰራው፣ በውስጡ ያለው ፍጥነት ራሱ ወደ 0.51 ወረደ። ብዛቱም በደቂቃ ከ6.6 ሊትር ወደ 2.4 ሊትር ወረደ። ጀሪካኑ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ፍጥነቱም ብዛቱም ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ለስላሳ ቱቦ ስለሆነ ከዚህ ትንሽ ይሻል ይሆናል እንጂ አሮጌውን ሰፊ ቱቦ አይደርስበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጅቷ ስለጠየቀችኝ። ጠባቡ ቦታ ላይ ግፊቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይቀንሳል። ብዙ ሰው ውሃው እዚያ «ተጨናንቆ» የሚገፋ ይመስለዋል። ግን አስቡት፤ ውሃው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲገባ ፈጥኗል። አንድ ነገር እንዲፈጥን ከኋላው ያለው ግፊት ከፊቱ ካለው መብለጥ አለበት። ስለዚህ ከኋላ ከፍ ያለ፣ ጠባቡ ጋ ዝቅ ያለ ግፊት ነው ያለው።

ፍሎተሩ

ቧንቧ ሰራተኛው ወርዶ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጣሪያው ላይ ወጣ። አብሬው ወጣሁ። የሮቶውን ክዳን ሲያነሳ ውሃው ከሚገባው በታች ነበር፤ ከተለመደው ከፍታ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎድለዋል። የከተማው ውሃ ደግሞ ያን ቀን አልጠፋም። ፍሎተሩ ዘግቶ ተቀምጧል።

ፍሎተር የምንለው በዘንግ ጫፍ ላይ ያለች የፕላስቲክ ኳስ ናት። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ትነሳለች፣ ዘንጉ በሌላኛው ጫፍ ጎማውን ገፍቶ የውሃውን መግቢያ ይዘጋል። የአጎቴ ፍሎተር ዘንግ ወደ ታች ተጣሟል። በእጅ እንደተጣመመ ያስታውቃል። አጎቴን ስንጠይቀው አመነ፤ ሌሊት ሌሊት ሮቶው እየሞላ ጣሪያው ላይ ይፈስ ነበር፣ ቀን ላይ ግን ደህና ነው። አንድ ሰው ዘንጉን ጎንበስ አድርጎ «አስተካከለለት»።

ልጁ ኳሷን ፈትቶ ጆሮው ጋ ነቀነቃት። ውስጧ ውሃ ይንቦጫቦጫል። የመጋጠሚያ ስፌቷ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

ለምን ሌሊት ብቻ? ኳሷ አስር ሳንቲ ሜትር ስፋት አላት። ሙሉ በሙሉ ብትሰምጥ 520 ግራም ያህል ውሃ ታስለቅቃለች፤ ከዚያ በላይ የመንሳፈፍ ኃይል ከየትም አታመጣም። ኃይሉ የሚመጣው ቅድም ካነሳነው ጥልቀት ነው። የኳሷ ታች ከአናቷ ይልቅ ጠለቅ ስለሚል ከስር የሚገፋት ግፊት ከላይ ከሚጫናት ይበልጣል፤ ልዩነቱ ባስለቀቀችው ውሃ ክብደት ልክ ነው።

ከዚህ ኃይል ላይ ወጪ ይቀነሳል። የኳሷ ክብደት 80 ግራም፣ የዘንጉ 30 ግራም ነው እንበል። መግቢያው ቀዳዳ ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀን ላይ የከተማው ግፊት ሦስት ባር ሲሆን ጎማውን 850 ግራም በሚያህል ክብደት ይገፋዋል። ዘንጉ አንድ ለአስር ስለሆነ ኳሷ ጋ የሚያስፈልገው 85 ግራም ብቻ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛና የሚቀዳው ሲቀንስ የመስመሩ ግፊት ይወጣል። ስድስት ባር ቢደርስ 170 ግራም ያስፈልጋል።

ደህና ኳስ ይህንን በቀላሉ ትችለዋለች። 80፣ 30 እና 170 ቢደመር 280 ግራም ነው። ኳሷ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብላ ሰምጣ ትዘጋለች። ውስጧ ሩብ ሊትር ውሃ ሲገባ ግን 250 ግራም ይጨመራል። ቀን ላይ 445 ይሆናል፣ ከ520 በታች ነው፣ ይዘጋል። ሌሊት 530 ይሆናል። አይዘጋም። ኳሷ ሙሉ በሙሉ ሰምጣም አቅም የላትም። ውሃው ቀስ እያለ ይገባል፣ ይሞላል፣ ይፈሳል።

ዘንጉን ማጣመም ይህንን አላዳነውም። ያደረገው ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው ነው። ሌሊት የሚንጠባጠበው ያንን ቦታ ሳይሞላ ይነጋል፣ ስለዚህ ጣሪያው ላይ የሚፈስ የለም። ዋጋውን ግን የከፈለው ሻወሩ ነው። ሙሉ ቢሆን 2.4 ሜትር የሚሆነው ደሞዝ ሁለት ሜትር ብቻ ሆኖ ቀረ።

የተሰራው ስራ

ቧንቧ ሰራተኛው የሰራው ሁለት ነገር ነው። ኳሷን ቀየረ፣ ዘንጉን አቃና። ከሮቶው እስከ ሻወሩ ያለውን ቱቦ ደግሞ የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ አዲስ የፕላስቲክ ቱቦ ተካው፤ ብዙውን በውጭ ግድግዳ አወረደው፣ ስለዚህ ብዙ መፍረስ አላስፈለገም። የሻወሩን ራስ አልቀየረም። እሱ መጨረሻ ላይ ያለው ጣት ነው። ስልሳ ያህል አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች አሉት፤ ካሬ ስፋታቸው ሲደመር የአሮጌው ቱቦ ሩብ ገደማ ነው።

የቱቦው ስፋት ከ15 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ማደጉ ለዓይን ብዙ አይደለም። ለኪራዩ ግን ብዙ ነው። ያው ውሃ ሰፋ ባለው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ የፍትጊያው ወጪም ከሩብ በታች ይወርዳል። በወረቀቱ ሂሳብ ሻወሩ በደቂቃ ከስድስት ሊትር ወደ 12 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ውሃ ፍጥነትም በሴኮንድ ከ2.3 ወደ 4.2 ሜትር። ሁለቱም አብረው ጨመሩ፤ ቱቦው ሰፍቶ። ከጭማሪው አብዛኛውን ያመጣው ቱቦው ነው። የፍሎተሩ ድርሻ አስር በመቶ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት የሚያድገው ከቁመቱ ጋር እኩል ሳይሆን በስኩዌር ሩቱ ነው።

አጎቴ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዛት። «እና ሮቶውን አንድ ሜትር በብረት ማቆሚያ ባነሳውስ?» አለ። ከ2.4 ወደ 3.4 ሜትር ማለት ነው። ሂሳቡ 19 በመቶ ገደማ ጭማሪ ይሰጣል። ውሃውን እጥፍ ለማድረግ ቁመቱን አራት እጥፍ ማድረግ ሊኖርበት ነው፣ ወደ አስር ሜትር። የሞላ ሮቶ ደግሞ አንድ ቶን ነው፤ ያንን ጣሪያ ላይ ከፍ አድርጎ በቀጭን እግር ማቆም የኮንክሪቱን አቅም የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያይ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንድ ባር የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ሮቶውን አስር ሜትር እንደማንሳት ይቆጠራል፣ ግን መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ውሃው በራሱ ቁልቁል እንዲያልፍ ጎን ለጎን ሌላ መስመር ሊተውለት ይገባል። አጎቴ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። ቀጭኑን ቱቦ ከጥቅሉ ሳይፈታ ለገዛበት ሱቅ መልሶ ወሰደው፤ በምትኩ አንድ ትርፍ ኳስ ይዞ ተመለሰ።